የጓዳ ገጽ፦ የሽርሽሩ ወጥ የሚበላሸው ከዋዜማው ሌሊት ነው



የዓመቱ ማብቂያ ሽርሽራችን እየደረሰ ነው። የምግብ ዝርዝሩ ወረቀት በክፍሎቹ በር ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ሦስት ሰዎች «እኔ ዶሮ» ብለው ጽፈው አየሁ። በዚህ ወር ስለ ሌላ ነገር ልጽፍ አስቤ ነበር፤ እሱ ይቆየንና ስለ ድስት እናውራ። ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ኦበርን ውስጥ በአንድ ፓርክ ተሰብስበን ነበር። ዶሮ ወጡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አርብ ማታ አምስት ዶሮ በአንድ ትልቅ ድስት ሠራሁ። ስድሳ ብልት፣ ስድሳ እንቁላል፣ ቅቤውም ሳይሰስት። እሳቱን ያጠፋሁት ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። «ትኩስ ነገር ፍሪጅ ውስጥ አይገባም» እየተባልኩ ስላደግሁ ክዳኑን ገጥሜ ምድጃው ላይ እንደተቀመጠ ተውኩትና ተኛሁ። ጠዋት ድስቱን በእጄ ነካ ሳደርገው ገና ለብ ያለ ነበር። ትንሽ አሞቅሁት፣ ወደ ትሪ ገለበጥኩት፣ በፎይል ሸፈንኩት፣ ሄድን። ንግግሩ፣ የልጆቹ መዝሙር፣ ምርቃቱ ሲያልቅ ስምንት ሰዓት ሆነ። ወጡ ተመሰገነ፣ ተበላ፣ አለቀ።

እሑድ ገና ጎህ ሳይቀድ ስልኩ ይጮህ ጀመር። ሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ። ትውከት ያለበት ጥቂት ሰው ነው፤ ትኩሳት ማንም የለውም። እሑድ ማታ አብዛኛው ሰው ድኖ ነበር፣ ሆስፒታል የገባም የለም፣ ተመስገን። ሁሉም ጥፋቱን ያስጠጋው በማዮኔዝ የተሠራው የድንች ሰላጣ ላይ ነበር። ሰላጣዋን ያመጣችው እህታችን አፍራ ለሁለት ሳምንት ትምህርት ቤት አልመጣችም። ነርስ የሆነች አንዲት እናት ግን ዝም ብላ ስልክ እየደወለች ሁለት ነገር ብቻ ትጠይቅ ነበር፦ «ምን በላችሁ?» እና «ከበላችሁ ከስንት ሰዓት በኋላ ጀመራችሁ?»

መልሱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ጾመኞቹ ሰላጣ ባይበሉም ሽሮና ምስሩን በልተው ደህና ናቸው። ሰላጣ በልተው ዶሮ ያልቀመሱት ልጆች ደህና ናቸው። የታመመው ዶሮ የበላው ነው። ጊዜውም ከአሥር እስከ አሥራ አራት ሰዓት በኋላ ነው። «ይኼ የድስት በሽታ ነው» አለችኝ። በላቦራቶሪ አልተመረመረም፤ ግን ምልክቱም ሰዓቱም ታሪኩም አንድ ነገር ላይ ይጠቁማል፤ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ተሰብስቦ በሚበላበት ቦታ ከሚያሳምሙት ዋነኞቹ አንዱ ነው። ሰላጣዋን ያመጣችውን እህት ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ስለዚህ ባክቴሪያ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ጠባዩን ካወቃችሁ ሕጉን መሸምደድ አያስፈልጋችሁም። በአፈር፣ በሥጋ፣ በቅመም ላይ ይገኛል። ሙቀት ሲበረታበት ይሞታል፤ ነገር ግን ከመሞቱ በፊት ስፖር የሚባል፣ እንደ ዘር ፍሬ ጠንካራ ቅርፊት ያለው ነገር ይተዋል። ወጡ ሲንተከተክ ቢያድር እንኳ ስፖሩ ሊተርፍ ይችላል። በርበሬው ይገድለዋል የሚባለውም አይሠራም፤ እንዲያውም ቅመም ራሱ ስፖር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ወጡ መብረድ ሲጀምር ስፖሩ ይነቃል። በጣም የሚመቸው ሙቀት ከ109 እስከ 117 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ ነው፤ እጃችሁን ብትከቱ «ሞቅ ያለ ውኃ» የምትሉት ዓይነት። በዚያ ሙቀት አንዱ ሁለት ለመሆን አሥር ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። አየር ደግሞ አይወድም፤ ስንቀቅለው አየሩን ያባረርነው፣ ላዩ ላይ ቅቤ የተንሳፈፈበት ወጥ ለእሱ ቤተ መንግሥት ነው።

አሁን የእኔን ድስት አስቡት። ሙቀት የሚወጣው በገጽ በኩል ነው። ወጥ ደግሞ በሽንኩርትና በቅቤ የወፈረ ስለሆነ እንደ ውኃ ውስጥ ለውስጥ አይዘዋወርም፤ መሀሉ ያለው ሙቀት እየተንቀራፈፈ ነው ወደ ዳር የሚደርሰው። ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን መሀሉ ለመብረድ የሚፈጅበት ጊዜ እጥፍ አይደለም የሚሆነው፣ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ዳሩን ነክቼ «በርዷል» ብል እንኳ መሀሉ ሌሊቱን ሙሉ ያንን የሚመች ሙቀት ይዞ ነው ያደረው። ጠዋት ለብ ብሎ መገኘቱ ራሱ ማስረጃ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ጥሩ ምልክት ነው ያየሁት። ፓርክ ከመድረሳችን በፊት ነገሩ አልቋል። ፀሐዩ የጨመረው ነገር ቢኖር ትንሽ ነው።

«እናቶቻችን ታዲያ ያለ ፍሪጅ እንዴት ይሠሩ ነበር?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኔም ጠይቄያለሁ። አክስቴ የዓውደ ዓመት ወጥ ማታ ትሠራና ፍሙ ላይ ትተወዋለች፤ ሌሊቱን ትኩስ እንደሆነ ያድራል እንጂ አይበርድም። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ጠዋትና ማታ እስኪንተከተክ ታሞቀዋለች። ሳታውቀው ትክክለኛውን ነገር ነው የምትሠራው፤ የነቃውን ባክቴሪያ ደጋግማ ትገድለዋለች። እኛ ከእሷ ክዳኑንና ድስቱን ወስደን እሳቱን ነው የተውነው።

ስለዚህ ለዘንድሮ ሽርሽር ድስት የምትሠሩ ሁሉ፣ በዋናነት የምለምናችሁ አርብ ማታን ነው። ብዙዎቻችሁ ለሥራ ብላችሁ የምግብ ሠራተኛ ካርድ ስላወጣችሁ የዋሽንግተንን ቁጥሮች ታውቋቸዋላችሁ፤ ለሌሎቻችን ልድገማቸው። ምግብ ከ41 ዲግሪ በላይና ከ135 ዲግሪ በታች ሲሆን አደገኛ ቀጠና ውስጥ ነው። ትኩስ ወጥ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ135 ወደ 70 መውረድ፣ ከዚያ በሚቀጥሉት አራት ሰዓታት ውስጥ ወደ 41 መድረስ አለበት። ቤት ውስጥ ይህን ለማድረግ ቀላሉ መንገድ ወጡን በሰፋፊ ትሪዎች መገልበጥ ነው። ጥልቀቱ ከሁለት ኢንች አይብለጥ፤ ሦስት ጣታችሁን አግድም አድርጋችሁ ብትለኩ ያን ያህል ነው። ከዚያ ክዳን ሳታደርጉ፣ ትሪዎቹን ሳትደራርቡ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ክዳኑን የምትገጥሙት ሲቀዘቅዝ ነው። የሚንጠባጠብ ጥሬ ሥጋ ከላይ እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቁ።

«ትኩስ ነገር ፍሪጅ ያበላሻል» የሚለው ለሃያ ሊትር ድስት እውነት ነው። ፍሪጁን ያሞቀዋል፣ ወተቱንም ያበላሻል። ለስስ ትሪ ግን አይሠራም። ፍሪጃችሁ ትንሽ ከሆነ ድስቱን በረዶና ውኃ የሞላበት ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡትና በየጥቂት ደቂቃው አማስሉት፤ በረዶው ሲቀልጥ ጨምሩ። ሲበርድ ወደ ትሪ። እንቅልፍ ይቀንሳል፣ አውቃለሁ። አለዚያም ሐሙስ ማታ ሥሩት፤ ወጥ ሲያድር ይጣፍጣል የሚባለው በትክክል ለቀዘቀዘ ወጥ ሁሉ ይሠራል።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ «ማሞቅ» ማለት ለብ ማድረግ አይደለም። መሀሉን ጨምሮ 165 ዲግሪ እስኪደርስ፣ ማለትም እያማሰላችሁ በደንብ እስኪንተከተክ። አንድ የምግብ ቴርሞሜትር ግዙ፤ ውድ አይደለም። ትክክል መሆኑን ለማወቅ በበረዶ የተሞላ ብርጭቆ ላይ ትንሽ ውኃ ጨምራችሁ ጫፉን ክተቱት፤ 32 ካላሳየ ችግር አለ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን የሚያሳስተንን ነገር ልናገር፦ ከትሪው ስር የምናበራው የቆርቆሮ እሳት፣ ስተርኖ የምንለው፣ ትኩሱን ትኩስ አድርጎ ያቆያል እንጂ የቀዘቀዘን ምግብ አያሞቅም። ውጭ ደግሞ ነፋስ ያጠፋዋል፣ ማንም ሳያይ። በፎይል ከነፋስ ከልሉት፣ አንድ ሰውም በየጊዜው ጎንበስ ብሎ ይይ።

ለማጓጓዝ ኩለር ቀዝቃዛ ብቻ የሚይዝ አይምሰላችሁ። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የፈላ ውኃ ጨምሩበትና ክዳኑን ገጥማችሁ ጥቂት ደቂቃ ተዉት፤ ውኃውን ድፉ፣ ፎጣ አንጥፉ፣ የተንተከተከውን ወጥ ከነክዳኑ አስገቡ፣ ባዶ ቦታውን በፎጣ ሙሉት። ከሬንተንና ከኬንት በ167 መንገድ እስክትደርሱ ትኩስ ሆኖ ይቆያል። ስትደርሱ ለኩት። ከ135 በታች ከወረደ ወደ ጋዝ ምድጃው ይሂድ። ዘንድሮ ምድጃ የሚያመጡ ሁለት አባቶች አሉ።

ይህ የድስቱ ጉዳይ ነው። የቀረው የጠረጴዛው ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ፀሐይ ትገባለች። «ሲያትል አካባቢ ምን ሙቀት አለ?» የምትሉ፣ የ2021ን ሰኔ አስታውሱ። ሰኔ 28 ቀን በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ 108 ዲግሪ ተለክቷል። እንዲያ ያለ ቀን ብርቅ ነው፤ 90 ግን ብርቅ አይደለም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሕግ ቀላል ነው፦ የሚበላሽ ምግብ ያለ ማሞቂያና ያለ በረዶ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ አየሩ ከ90 ዲግሪ በላይ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። ሰዓቱ የሚቆጠረው መብላት ስንጀምር ሳይሆን ምግቡ ከኩለሩ ወይም ከእሳቱ ሲወጣ ነው።

እስቲ በቡፌና በሞሰብ መካከል ያለውን ልዩነት አስቡት። በሞሰብ ወጡ ድስት ውስጥ እሳት ላይ ነው ያለው። አሳላፊው በጭልፋ ያወጣል፣ እንጀራው ላይ ያፈሳል፣ ወዲያው ይበላል። ሲያልቅ ይጨመራል። ውጭ የሚቆይ ወጥ የለም። ቡፌ ስንጀምር ግን ያለንን ሁሉ በአንድ ጊዜ ክዳኑን ከፍተን ደረደርን፣ ምክንያቱም ጠረጴዛው ሞልቶ ሲታይ ያምራል። ከዚያ ምርቃት፣ ከዚያ ንግግር፣ ከዚያ ፎቶ። መቶ ሰው በአንድ ሰልፍ ሲያልፍ የመጨረሻው ሰው ጋ ሲደርስ ወጡ አንድ ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ ቆይቷል። ያ የመጨረሻው ሰው ደግሞ እንደ ባህላችን ከሆነ ልጅ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ አሳላፊ እንመልስ። ለእያንዳንዱ ምግብ አንድ ሰው፣ ጭልፋ የያዘ፤ ሌላ ማንም ጭልፋ አይነካም። ከፍ ያሉት የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ልጆች ከአንድ አዋቂ ጋር ይችላሉ፣ «ይጨመርልዎ?» ማለትንም በዚያው ይለማመዳሉ። ከእያንዳንዱ ምግብ አንድ ትንሽ ትሪ ብቻ ይወጣል፤ የቀረው ተከድኖ ኩለር ውስጥ ወይም እሳት ላይ ይቆያል። ትሪው ሲያልቅ አዲስ ትሪ ይመጣል፤ አዲሱን በአሮጌው ላይ መገልበጥ የለም። ያኔ የአሮጌው ሰዓት ይጠፋብናልና።

ሰዓቱን ለመያዝ ልጆቹ ካርድ ይጻፉ፦ የምግቡ ስም በአማርኛ፣ ከስሩ የወጣበት ሰዓት። ባለፈው ዓመት ይህን ሞክረን አንድ አስቂኝ ነገር ገጠመን። አንዷ ልጅ በትምህርቷ መሠረት «7፡00» ብላ ጻፈች፣ ጓደኛዋ የስልኳን አይታ «1፡00» አለች፤ አንድ አባት የመጀመሪያውን አይቶ «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነው እንዴ የተቀመጠው!» ብሎ ትሪውን ሊደፋ ሲል ነው የደረስንበት። ዘንድሮ ሁለቱንም ይጻፉ፣ ለትምህርቱም ይጠቅማል።

የቀኑን አካሄድ እንዲህ አስበነዋል። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ዕቃ ይገባል፣ ጥላ ያለበት ቦታ ይያዛል። ሰው ሲመጣ የሚቀርበው ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦና ሙዝ ነው፤ እነዚህ ሙቀት አያበላሻቸውም። (ከአራት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ቆሎ አትስጡ፣ ያንቃል። ኦቾሎኒ የተቀላቀለበትም አይምጣ፣ አለርጂ ያለባቸው ልጆች አሉን።) መዝሙር፣ ንግግር፣ ሽልማት፣ ምርቃት ሁሉ የሚያልቀው ክዳን ሳይከፈት ነው። ሽማግሌዎቻችንን አነጋግረናል፤ «የተከደነውም ይመረቃል» ብለውናል። ከዚያ እጅ መታጠብ። ሰባት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ትሪ ይከፈታል። አየሩ ከ90 በላይ ከሆነ ያ ትሪ ስምንት ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ምንም ቢቀረው።

ማን ይቅደም የሚለው ላይ ክርክር ነበር። እኔ የምለው አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች አብረው ይቅደሙ ነው። ለአክብሮት ብቻ አይደለም፤ የምግብ መመረዝ አጥብቆ የሚጎዳው እነሱን ስለሆነ፣ ምግቡ ገና እንደተከፈተ ቢበሉ ይሻላል። ተሰልፈው አይቆሙም፤ ልጆቹ ሳህኑን ይወስዱላቸዋል። ከዚያ ሌሎቹ ልጆች፣ ከዚያ ወላጆች።

የጠረጴዛው ቅደም ተከተልም አለው። ሽርሽራችን ብዙ ጊዜ የሰኔ ጾም ላይ ይውላል፤ ሐላል ብቻ የሚበሉ ቤተሰቦችም አሉን። ስለዚህ መጀመሪያ ሳህንና እንጀራ፤ እንጀራውን አንድ ሰው በመቆንጠጫ ያድላል። ቀጥሎ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አተር። ቀጥሎ በረዶ ላይ የሚቀመጡት። ሥጋና ዶሮ ለብቻው በሁለተኛ ጠረጴዛ፣ ሐላሉ በስሙ ተለይቶ፣ ከየራሱ ጭልፋ ጋር። እንዲህ ሲሆን የዶሮው ጭልፋ ሽሮው ውስጥ አይገባም። ሌላም ጥቅም አለው፦ ሰው ሥጋው ጋ ሲደርስ ሳህኑ ግማሽ ሞልቷል፤ ለአንድ ሰው አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ይበቃል፣ ስለዚህ በአንድ ጊዜ የምናወጣው ዶሮ ያንሳል።

ጾመኞችን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ አሉ፤ ሰባት ሰዓት የተከፈተውን ሽሮ ለእነሱ ማስቀመጥ አይቻልም። «የጾም ምግብ አይበላሽም» የሚባለው ልማድ ነው እንጂ እውነት አይደለም፤ የበሰለ ምስርም፣ ሩዝም፣ ሽሮም እንደ ሥጋው ቀዝቃዛ ወይም ትኩስ ሆኖ መቆየት አለበት። ድርሻቸው ከመጀመሪያው ለብቻው ተከድኖ እሳት ላይ ይቀመጥላቸዋል። የተከተፈ ቲማቲምና የተቆረጠ ሐብሐብም እንደዚያው ናቸው፤ ሙሉ ሐብሐብ ደህና ነው፣ ከተቆረጠ ግን በረዶ ይፈልጋል። የቲማቲም ፍትፍቱ ሳህን በረዶው ላይ ሳይሆን በረዶው ውስጥ ይቀመጥ፤ በረዶው ፍትፍቱ እስከሚደርስበት ከፍታ ድረስ ይክበበው። አይብም እንደዚሁ። እንጀራው ግን ኮምጣጣ ስለሆነ ለዕለቱ አያሳስብም፤ እንዳይደርቅ ብቻ ሸፍኑት። የመጠጥ ኩለርና የምግብ ኩለር ይለያዩ። የመጠጡን ልጆች በየደቂቃው ይከፍቱታል፣ ቅዝቃዜው ያልቃል።

ክትፎ እናመጣለን ያላችሁ ሁለት ወላጆች፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አይሆንም። ለብለቡም አይሆንም። ስቴታችንን ጨምሮ በ1993 በደንብ ካልበሰለ ሃምበርገር የተነሳ ከ700 በላይ ሰው ታሞ አራት ሕፃናት መሞታቸውን ብዙዎች ያስታውሳሉ፤ አብዛኞቹ ታማሚዎች ዋሽንግተን ውስጥ ነበሩ። ኢ.ኮላይ ነው፤ የትንንሽ ልጆችን ኩላሊት ይጎዳል። ሥጋ ሲፈጭ ላዩ ላይ የነበረው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ የተፈጨ ሥጋ መሀሉ 160 ዲግሪ መድረስ አለበት። ያ ደግሞ ክትፎ አይደለም። ጥብስ እዚያው ፓርክ ይጠበሳል፤ ጥሬው ሥጋ በራሱ ኩለር፣ በራሱ ሰሌዳና ቢላዋ።

እጅን በተመለከተ ሳኒታይዘር አይበቃም። ቅባትና አፈር ባለበት እጅ ላይ ደካማ ነው፤ በአንድ ቀን ትምህርት ቤት የሚያዳርሰውን የትውከት ቫይረስ፣ ኖሮቫይረስን፣ በደንብ አይገድልም። በቧንቧ የሚከፈት የውኃ ጀሪካን፣ ሳሙናና ወረቀት ይኖራል። ሁለት ልጆች ደግሞ ለአረጋውያኑ በማንቆርቆሪያ ያስታጥባሉ። በሁለት ቀን ውስጥ ተቅማጥ ወይም ትውከት የነበረበት ሰው፣ ቢሻለውም፣ አይሥራ አያሳልፍ። ዶሮ አመጣለሁ ብላችሁ ጽፋችሁ ከታመማችሁ ደውሉ፤ ማንም አይቀየምም።

መጨረሻ ላይ የሚከብደኝ ጉዳይ አለ፤ የተረፈው። ምግብ መጣል ነውር ነው፣ እኔም እንዲህ ነው ያደግሁት። ስንሰነባበት በፎይል ቋጥሮ ማስያዝም ፍቅር ነው። ግን ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት የቆየ ትሪ ተቋጥሮ፣ በሞቀ መኪና ፌደራል ዌይ ድረስ ሄዶ፣ ለእሑድ ቁርስ ሲሞቅ አስቡት። ማሞቁም ሁልጊዜ አያድነውም፤ ከሰው እጅና አፍንጫ የሚመጣው ስታፍ የሚባለው ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ በመቀቀል አይጠፋም። ደግሞ አይሸትም፣ ጣዕሙም አይለወጥም። ስለዚህ የተከፈተና ሰዓቱ ያለፈ ይጣላል። ሳይከፈት ትኩስ ወይም በረዶ ውስጥ የቆየው ብቻ ይቋጠራል፤ እሱም በኩለር ለሚሄድ ሰው። የሚጣለው እንዲያንስ ነው በትንንሽ ትሪ የምናወጣው። ባለፈው ዓመት በዚህ መንገድ የጣልነው አንድ ትሪ ምስርና ጥቂት ሰላጣ ነበር፤ ሦስት ትሪ ዶሮ ሳይከፈት ወደ ቤት ሄዷል።

እግረ መንገዴን፦ ከሽርሽሩ በኋላ የታመመ ሰው ካለ አትደብቁ። ምን እንደበላችሁና ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመራችሁ ጻፉና ንገሩን። ደም ያለበት ተቅማጥ፣ ከፍ ያለ ትኩሳት፣ ወይም ሽንቱ የቀነሰ ልጅ ካለ ግን እኛን ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም። የሲያትልና ኪንግ ካውንቲ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤትም እንዲህ ያለ ሪፖርት ይቀበላል።

እስካሁን የተመዘገቡት አራት ኩለሮች ናቸው፤ ሰባት ያስፈልጉናል። ቴርሞሜትር ሁለት አለ፣ አንድ ቢጨመር ጥሩ ነው። በረዶ የሚገዙት የሦስተኛ ክፍል ወላጆች ናቸው። «እኔ ዶሮ» ካላችሁት ከሦስታችሁ አንዳችሁ ወደ ጎመን ብትዛወሩ ደስ ይለኛል፤ ማን እንደሚሆን እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ፣ እኔ መሀል አልገባም።

የጓዳ ገጽ አዘጋጅ